ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፦ ተማሪው ህመሙን በማመልከቻ ድርሰት ላይ ምን ያህል ይናገር?

ሰላም ለናንተ ይሁን የቢሮው ኃላፊዎች። ባህር ዳር የምኖር የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከክፍል ውጪ ለስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ የ12ኛ ክፍል ልጆች ኤሴያቸውን ይዘው ይመጡና አብረን እናነባለን። ይሄን የምጽፍላችሁ ስር የሰደደ ህመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ድርሰታቸው ላይ ስለሱ ምን ያህል መናገር እንዳለባቸው የሚያማክራቸው ሰው ስለሌለ ነው። አንዱ «አስቀድመሽ ጻፊው፣ ያዝኑልሻል» ይላቸዋል፣ ሌላው «ትንፍሽ እንዳትይ፣ ይጥሉሻል» ይላቸዋል፣ ሁለቱም ግን የልጅቷን ትራንስክሪፕት ገልጠው አላዩም።

አንዷን ልጅ ልንገራችሁ፣ ስሟን አልጠራም። የዘጌ ልጅ ናት፣ ባህር ዳር ዘመድ ቤት ሆና ነው የምትማረው። 9ኛ ክፍል ጎበዝ ነበረች፣ 10ኛ ላይ ሁለተኛው ሴሚስተር ውጤቷ ወርዷል፣ 11ኛ ላይ ተመልሷል። ምክንያቱ የሚጥል በሽታ ነው። መጀመሪያ ጠበል ወሰዷት፣ ቆይቶ ሆስፒታል ሄደች፣ የታዘዘላት ኪኒን ደግሞ ክፍል ውስጥ እያስተኛት ተቸገረች፣ ሐኪሙ መድሃኒቱን ሲያስተካክልላት ነው ነገሩ የተረጋጋው። ይዛ የመጣችው ረቂቅ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ከወደቀችበት ቀን ነው፣ ልጆቹ እንዴት እንደሸሹ፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ስር እንዴት እንደያዘላት፣ እናቷ እንዴት እንዳለቀሰች፣ ገጹ በዚህ አለቀ። ስለምትፈልገው የውሃ ምህንድስና ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

የልጅቷ ታሪክ እውነት ነው፣ ያማልም። ግን መራጩ አንብቦ ሲጨርስ በሽታው አንድ ቀን ምን እንዳደረጋት ያውቃል እንጂ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምን እንደምትሰራ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ድርሰቱን ትተን ካርዱን ማየት ነው። ማንም የማያውቃት ሰው ይሄን ካርድ ቢያይ ምን ይጠይቃል? «10ኛ ክፍል ምን ሆና ነው?» ይላል። የህመሙ ወሬ መመለስ ያለበት ይሄንን ጥያቄ ነው። ካርዱ ላይ ምንም ክፍተት ባይኖር ኖሮ ጨርሶ ባትጠቅሰውም መብቷ ነው፣ ዋሸች አይባልም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የት ይጻፍ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ዋናው ኤሴይ እስከ 650 ቃል ነው፣ ከሱ ውጪ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ ለብቻው አለው። የውጤት መውረድ ማብራሪያ እዛ ነው የሚገባው። እንዲህ ሲደረግ ዋናው ድርሰት ነፃ ይሆናል፣ እሷም በእምቦጭ ላይ ጻፈችው፣ ሰፈሯ ሰው ሀይቁ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ውሎ የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ እየቀረ እንዴት እንደተቸገሩ እና እሷ ምን እንዳሰበች። ያ ነው እሷን የሚያሳያት።

ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ በአማርኛ ይሄን ይመስላል፦ «በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ውጤቴ የወረደው ኤፒለፕሲ ስለጀመረኝና መጀመሪያ የታዘዘልኝ መድሃኒት ክፍል ውስጥ ያስተኛኝ ስለነበር ነው። ሐኪሜ መድሃኒቱን ካስተካከለልኝ በኋላ ትምህርቴን በደንብ እየተከታተልኩ ነው፣ የ11ኛ ክፍል ውጤቴም ይሄን ያሳያል። አሁንም መድሃኒቴን እወስዳለሁ፣ ክትትሌም ቀጥሏል።» በቃ። መቼ፣ ምን፣ ምን ተለወጠ፣ ማስረጃው የት አለ። መጀመሪያ «አሁን ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ» ብላ ነበር፣ እሱን አወጣነው፣ ምክንያቱም መድሃኒት እየወሰደች ነው፣ ነገ ገብታ ድጋፍ ስትጠይቅ የራሷ ጽሁፍ ይቃረናታል።

የበሽታው ስም ይጠራ አይጠራ የሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። «የጤና ችግር ነበረብኝ» ብቻ ካለች አንባቢው የፈለገውን ይገምታል፣ ብዙ ጊዜም የሚገምተው ከእውነቱ የከፋውን ነው። ስሙ ሲጠራ ነገሩ ልክ ይኖረዋል። ውጪ ላለ አንባቢ ስለዚህ ስሙን ጻፈችው። እዚሁ አገር ውስጥ ለሚሰጥ ድጋፍ ስታመለክት ግን ሌላ ነው፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ጎረቤቷን ወይም አክስቷን ሊያውቅ ይችላል፣ በሚጥል በሽታ ላይ ደግሞ እኛ ጋ ያለውን መገለል ታውቁታላችሁ፣ ለትዳር እንኳ ይተርፋል። እዛ ላይ «በህክምና ክትትል የተስተካከለ የጤና እክል» ብላ ሴሚስተሩን ጠቅሳ አለፈች፣ የሐኪም ወረቀት ከተጠየቀ ብቻ በታሸገ ፖስታ ይሰጣል።

ዓይነ ስውር ለሆነ ተማሪ ደግሞ ሌላ ነው። በቀረጻ አዳምጦ፣ ብሬይል አግኝቶ ወይ አጥቶ፣ ሰው እያነበበለት የተማረ ልጅ አሰራሩ ራሱ ችሎታው ነው፣ ዋናው ድርሰት ውስጥ ቢገባ ያምርበታል። አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም መስጠት አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

ትልቁ ግራ መጋባት ግን ለመመረጥ የሚነገረውና ለደህንነት የሚነገረው ነገር መደባለቁ ነው። አሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሴክሽን 504 መሰረት የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ኮሌጅ ተማሪውን ከመቀበሉ በፊት የአካል ጉዳት አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅ በአጠቃላይ አይፈቀድለትም፣ ድጋፍ የሚጠየቀው ከተቀበሉ በኋላ ለሌላ ቢሮ ነው። የዘጌዋ ልጅ ግን ዶርም ስትገባ የግድ መናገር አለባት፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይ መተኛት የለባትም፣ አብራት የምታድር ልጅም ሲያማት በጎን እንድታስተኛት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ እንዳትከት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሰው እንድትጠራ ማወቅ አለባት። ይሄ ኤሴይ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ አልጋ ለሚመድበው ሰው የሚነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ መፈተን ስለጀመሩ ጉዳዩ ከስኮላርሺፕም በፊት ይመጣል።

ሌላው የመምህራን ድጋፍ ደብዳቤ ነው። አንድ መምህር (የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ይቅር) በቅን ልቦና ተነስቶ ለሌላ ተማሪ «ከከባድ በሽታ ጋር እየታገለች» ብሎ ጻፈላት፣ እሷ አንድም ቦታ ያልጠቀሰችውን። ልጅቷ ያወቀችው ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ነው። የማንን ህመም ማን ይናገር የሚለው የባለቤቱ ውሳኔ ነው። መምህሩ መጻፍ የሚችለው ያየውን ነው፣ ውጤቱ እንደወረደ፣ እንደተመለሰ፣ እንዴት እንደሰራች፣ ምክንያቱን ደግሞ ልጅቷ ከፈቀደች ብቻ።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉ መምህራን ከተማሪው የጽሁፍ ፈቃድ ሳያገኙ የጤና መረጃ እንዳይጽፉ የሚል አጭር ሰርኩላር ለትምህርት ቤቶች ይውረድ። ሁለተኛ፣ በክልሉ በሚሞሉ ቅጾች ላይ «የጤና ሁኔታ» የሚለው ጥያቄ ከመምረጫው ወረቀት ወጥቶ ለብቻው አንድ ገጽ ይሁን፣ ተማሪው ከተመረጠ ወይም ለፈተና ከተመደበ በኋላ ይሞላ፣ የሚደርሰውም ድጋፍና መኝታ ለሚያመቻቸው ሰው ብቻ ይሁን። የገጹን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ የምን ድጋፍ ያስፈልግሃል ብሎ የሚጠይቅ እንጂ በሽታህ ምንድነው የሚል ጥያቄ የለውም። ቀጠሮ ከሰጣችሁኝ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባህር ዳር፣ የእንግሊዝኛ መምህር