መደብሩ ሲዘጋ የተገዛው ጌም የት ይደርሳል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጌም መደብር ሊዘጋ ነው በተባለ ቁጥር አንዱ «የገዛሁት ሁሉ ቀለጠ» ይላል፤ ሌላው «ከፍዬበታለሁ፣ ማን ይነካኛል» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከኦንላይን መደብር የሚገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ በገዢው አካውንት ላይ ስለሚመዘገብ እንደ ዲስክ ተጫውተው ለሌላ ሰው አይሸጡትም።

በእጅ ይዘው የሚጫወቱበት የኒንቴንዶ 3ዲኤስ መሣሪያ የኦንላይን መደብር ጥሩ ማሳያ ነው። ሽያጩ የቆመው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2023 ሲሆን፣ ቀድሞ የተገዛውን እንደገና ማውረድ ግን አልተከለከለም። በኢንተርኔት አብሮ መጫወት ደግሞ ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ቆመ። እንግዲህ «ተዘጋ» ሲባል የቱ እንደተዘጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለገዢው ከሁሉም የሚከፋው ማውረዱ ሲቋረጥ ነው፤ ኩባንያው ለዚህ የቆረጠው ቀን የለም።

ስለዚህ መሣሪያው ያለው ሰው አሁኑኑ ወደ መደብሩ ገብቶ የቀድሞ ግዢዎቹን ዝርዝር ይክፈትና ሁሉንም ወደ ኤስዲ ካርዱ ያውርድ። ማሻሻያዎቹንም አይርሳ፤ በካርትሪጅ የተገዛ ጌም ቢሆን እንኳ ማሻሻያው የሚመጣው ከዚያው ሰርቨር ነው። ከዚያ ካርዱ ላይ ያለውን Nintendo 3DS የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተገላገልኩ ብሎ ይቀመጣል። ቅጂው ግን የሚያድነው ካርዱ ሲበላሽ ብቻ ነው። ፋይሎቹ የተቆለፉት በዚያው መሣሪያ ቁልፍ ስለሆነ ካርዱን ሌላ 3ዲኤስ ላይ ቢሰኩት ጌሞቹ አይታዩም። የራሱን መሣሪያ ፎርማት ያደረገ ሰውም የድሮው ቅጂ አይከፈትለትም፤ ቁልፉ ተቀይሯልና። መሣሪያው ራሱ ከሞተ ፈቃዱን ወደ ሌላ ማዛወር የሚችለው ኩባንያው ብቻ ነው። ካርትሪጅ ቢሆን ኖሮ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ይበቃ ነበር።

ዲስክ ሁሉ ግን አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። የዩቢሶፍት ኩባንያ የመኪና ውድድር ጌም «ዘ ክሩ» ብቻውን ለሚጫወት ሰው እንኳ ሰርቨር የሚፈልግ ነበር። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲጠፋ ዲስኩን በእጁ የያዘም መጫወት አልቻለም። ለኒንቴንዶ ስዊች 2 መሣሪያ ከሚሸጡት የጌም ካርዶች አንዳንዶቹም ቁልፍ ብቻ የያዙ ናቸው፤ ጌሙ መጀመሪያ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ይህ በማሸጊያው ፊት ለፊት ከታች ስለሚጻፍ ከመክፈል በፊት ማንበብ ነው። ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ደግሞ ሻጩ ጌሙ ባልተጫነበት ማሽን ላይ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ከፍቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ማሽኑ ዳውንሎድ ካልተደረገ አልጀምርም ካለ፣ ያ ዲስክ ከመደብሩ ጋር አብሮ የሚሞት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊቀንስ ይገባል።