የዕለቱን የመግቢያ ማጠቃለያ ከመላካችሁ በፊት

ለልደታው ግቢ የፈረቃ ተቆጣጣሪዎች፣

የዘገዩ ሰዎች ቁጥር በአንድ ጠዋት በድንገት ከበዛ፣ ከሠራተኛው በፊት የጣት አሻራ ማሽኑን ጠርጥሩ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዘው ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሱ ከደከመ ሰዓቱ ይዛባል። መለየቱ ከባድ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ ያስረፈደው ሰው አንዱ 4፣ ሌላው 20 ደቂቃ ይዘገያል። ማሽኑ ሲሳሳት ግን ሁልጊዜ ቀድመው የሚገቡት ሳይቀሩ ሁሉም በእኩል ደቂቃ ይገፋሉ።

ፈረቃው ጠዋት 2:00 ይጀምራል፤ ማሽኑ ላይ 08:00 ነው። የተፈቀደው መዘግየት 10 ደቂቃ ነው እንበል። ማሽኑ 7 ደቂቃ ከቀደመ፣ 2:05 የገባች ሠራተኛ 08:12 ተብላ ትመዘገብና ዘገየች ትባላለች። መውጫዋም በዚያው 7 ደቂቃ ስለሚገፋ የቀኑ የሥራ ሰዓት ድምር ትክክል ይመስላል። ድምሩን አይቶ ማለፍ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከፈረቃው 15 ደቂቃ በፊት ማሽኑን ኔትወርክ ላይ ካለ ስልክ ጋር አስተያዩና ልዩነቱን ማጠቃለያው ላይ ጻፉ። ዋናውን መዝገብ አትንኩ፤ የታረመውን ሰዓት በሌላ ዓምድ አስገቡ። ሰዓቱን በፈረቃ መሀል አታስተካክሉ፤ መግቢያው በተሳሳተው፣ መውጫው በትክክለኛው ሰዓት ይመዘገብና ድምሩም ይበላሻል።

የሌሊት ፈረቃ ላይ «መውጫ የለም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ መቅረት አይደለም። ማሽኑ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቆርጠው ነው፤ መውጫውን በማግስቱ ገጽ ፈልጉት።