የአካውንቲንግ ክበብ፦ አንድ ሱቅ፣ አንድ ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ጥያቄ አልሠራም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደጋግመን የተመለስነው ወደ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሂሳብ ነው። ሱቁን ለልምምድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ሱቁ 40,000 ብር ጥሬ ገንዘብ፣ 60,000 ብር ተሰብሳቢ ሂሳብና የ200,000 ብር ሸቀጥ አለው። በዓመት ውስጥ የሚከፈል ዕዳው 150,000 ብር ነው። ሦስቱን ደምረን ለዚህ ዕዳ ስናካፍል ከረንት ሬሾው 2 መጣ። ልጆቹ «ጤነኛ ነው» ብለው ሊያልፉት ነበር። ሸቀጡን አውጥተን ኩዊክ ሬሾውን ስንሠራ ግን 0.67 ሆነ። ደብተር በብዛት የሚሸጠው በመስከረም ነው። አበዳሪው የካቲት ላይ ቢመጣ የተከመረ ደብተር ተቀብሎ አይሄድም።

ቀጥዬ ጠየቅኋቸው። ሱቁ ዛሬ 30,000 ብር ዕዳ በጥሬ ገንዘብ ቢከፍል ሬሾዎቹ ምን ይሆናሉ? አብዛኞቹ «ሁለቱም ይሻሻላሉ» አሉ። ሠራነው። ከረንት ሬሾው 270,000 ለ120,000 ሲካፈል 2.25 ሆነ፤ ወጣ። ኩዊክ ሬሾው 70,000 ለ120,000 ሲካፈል 0.58 ሆነ፤ ወረደ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ አሳየችን። ከላይና ከታች እኩል ሲቀነስ ከ1 የሚበልጥ ክፍልፋይ ያድጋል፤ ከ1 የሚያንሰው ደግሞ ይቀንሳል። በጣም ደስ አለኝ። ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ዕዳ ከፍሎ ከረንት ሬሾን ማሳመር የሚቻለውም በዚሁ መንገድ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ትርፉ ዞርን። አምና ሱቁ 800,000 ብር ሸጦ 48,000 አተረፈ። ዘንድሮ 900,000 ሸጦ 45,000 ብቻ አተረፈ። ሆኖም የባለቤቱ ካፒታል ያስገኘው ትርፍ ከ24 በመቶ ወደ 25 በመቶ አድጓል። ትርፉ ቀንሶ እንዴት?

በሦስት ከፈልነው፦ ከሽያጩ ስንት በመቶ ተረፈ፣ ጠቅላላ ሀብቱ ስንት እጥፍ ሽያጭ አመጣ፣ ሀብቱ የካፒታሉ ስንት እጥፍ ነው።

አምና፦ 6% × 2 × 2 = 24%
ዘንድሮ፦ 5% × 2 × 2.5 = 25%

እዚህ ላይ ብዙዎች ተሳስተዋል። አንዱ ቡድን ለሁለተኛው ቁጥር የሁለቱን ዓመት አማካይ ሀብት፣ ለሦስተኛው የዓመት መጨረሻውን ወሰደ፤ 26.5 በመቶ መጣለት። ሦስቱ ተባዝተው ትርፍ ለካፒታል ተካፍሎ የሚገኘውን ካልሰጡ፣ የሆነ ቦታ የተቀላቀለ ቁጥር አለ ማለት ነው።

የጨመረው ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱ በዓመቱ 65,000 ብር ለግሉ አውጥቷል። ካፒታሉ ከ200,000 ወደ 180,000 ወረደ፤ ጠቅላላ ዕዳው ከ200,000 ወደ 270,000 ወጣ።

በመጨረሻው ስብሰባ አንድ ልጅ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰን። ያ 65,000 ብር ካዝና ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ብሎ ሠራው። ኩዊክ ሬሾው 1.1 ይሆን ነበር። ካፒታሉ ያስገኘው ትርፍ ደግሞ 18.4 በመቶ።