የቶፍል ሁለት ዓመት እስከ የትኛው ቀን ይቆጠራል? ዌቨርስ ከማን ይጠየቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በትምህርት ዓምዳችሁ ውጭ አገር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ለሚያመለክቱ ወጣቶች ያወጣችሁት ምክር ስለ እንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ነገር ይላል። የቶፍልና የአይኤልትስ ውጤት ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ካጻፈ ፈተናው ይቀርለታል፤ ይህ ነጻ መደረግ ዌቨር ይባላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን በዚህ አጭር መልክ የያዛቸው አመልካች ጥሩ ውጤትና ጥሩ ትራንስክሪፕት ይዞ ሊቀር ስለሚችል ማብራሪያ እንድታክሉበት እንጠይቃለን።

ከሁለቱ ዓመት እንጀምር። ቆጠራው የሚጀምረው ፈተናው ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ውጤቱ ከወጣበት ወይም ከተላከበት ቀን አይደለም። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ልዩነቱ ያለው ቆጠራው የት እንደሚቆም ላይ ነው፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዱ እስከ ማመልከቻው ማብቂያ ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው ትምህርት እስከሚጀመርበት ቀን። በሁለቱ መካከል ስምንትና ዘጠኝ ወር ስላለ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ አመልካች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ቶፍል ተፈትኖ ከ120 98 አመጣ እንበል። የሚያመለክተው በሴፕቴምበር 2026 ለሚጀምር ትምህርት ነው፤ ማብቂያው ዲሴምበር 1 ቀን 2025። በማብቂያው ዕለት ውጤቱ ገና 22 ወር አልፎት ጥቂት ቀናት ነው። እስከ ማብቂያው ቀን የሚቆጥረው ዩኒቨርሲቲ ያለ ችግር ይቀበለዋል። እስከ ትምህርት መጀመሪያ የሚቆጥረው ግን አይቀበለውም፤ በሴፕቴምበር ላይ ውጤቱ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይሆነዋልና። እዚህ አመልካቹ ቢያንስ ቀድሞ ያውቃል፣ በጊዜ እንደገና ይፈተናል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በሦስተኛው ዓይነት አሠራር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻው ላይ አመልካቹ ራሱ የሞላውን ውጤት አይተው ይወስናሉ፤ ኦፊሻል ስኮር፣ ማለትም ከፈታኙ ድርጅት በቀጥታ የሚላከውን ውጤት፣ የሚጠይቁት ከተቀበሉት በኋላ ነው። የእኛ አመልካች በማርች 2026 የምሥራች ይደርሰዋል፤ ከምዝገባ በፊት ኦፊሻል ስኮር እንዲያስልክም ይታዘዛል። የቶፍል ፈታኝ ድርጅት በሆነው ኢቲኤስ ወዳለው አካውንቱ ሲገባ የጃንዋሪ 2024 ውጤቱን ማስላክ አይችልም። ኢቲኤስ ሁለት ዓመት ያለፈውን ውጤት ለማንም አይልክም። ዩኒቨርሲቲው ሊረዳው ቢፈልግ እንኳ የሚላክ ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠው ፒዲኤፍም እንደ ኦፊሻል አይቆጠርለትም። መፍትሔው ቀላል ነበር። ያመለከተ ሰሞን፣ በዲሴምበር፣ ከጃንዋሪ 20 በፊት እንዲደርስ ማስላክ ብቻ ነበረበት። ክፍያውን ለማዳን «ከተቀበሉኝ በኋላ እልካለሁ» ማለት የሚያዋጣው ውጤቱ ገና አዲስ ከሆነ ነው። የተቀበሉትን ዕድል ለቀጣዩ ዓመት የሚያስተላልፍ ሰውም ይህን ቆጠራ ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ አንዳንዱ ተቋም ውጤቱን በአዲሱ የመግቢያ ቀን እንደገና ይመዝነዋል።

አይኤልትስ በዚህ ላይ ትንሽ ይለያል። ተቀባዩ ተቋም ውጤቱን የሚያረጋግጠው በውጤት ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ የፈተናው ባለቤቶችም ሁለቱን ዓመት ለተቋማት ያቀረቡት እንደ ምክር ነው። ከዚያ ያለፈ ውጤት የያዘ ሰው እንግሊዝኛውን እንደጠበቀ ወይም እንዳሻሻለ ማስረጃ ካቀረበ ተቋሙ ሊቀበለው ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ወይም በእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን መጠየቁ ድፍረት አይደለም፤ ሊከለከል እንደሚችል አውቆ ግን ይጠይቅ። የካምብሪጅ ሲ1 አድቫንስድ ሰርተፊኬትና ወደ ጀርመን ለሚሄዱ የሚሰጠው የጀርመንኛ ፈተና ቴስትዳፍ በራሳቸው የማብቂያ ቀን የላቸውም። ያም ሆኖ ተቀባዩ ተቋም የራሱን ገደብ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ጊዜው ያላለፈ ውጤትም አጠቃላይ ድምሩ ብቻ አይታይም። አንድ ተፈታኝ በአይኤልትስ በማዳመጥ 8.0፣ በማንበብ 7.5፣ በመናገር 6.5፣ በመጻፍ 5.5 ቢያገኝ አማካዩ 6.875 ነው፤ ተጠጋግቶም 7.0 ተብሎ ይወጣለታል። መስፈርቱ «6.5፣ በየትኛውም ክፍል ከ6.0 ያላነሰ» ከሆነ ይህ ሰው አያልፍም። ዓምዳችሁ አጠቃላዩን ብቻ መጥቀሱ በመጻፍ ክፍል ለሚወድቁት ብዙዎች አልጠቀመም።

ወደ ዌቨር እንለፍ። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የማመልከቻ ክፍያ ዌቨር፣ ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ዌቨርና የእንግሊዝኛ ፈተና ዌቨር ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሌላውን አገኘ ማለት አይደለም። የምናወራው ስለ መጨረሻው ነው።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ አመልካቹ «በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ» ሲል እውነቱን ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች ዌቨር የሚሰጡበት ደንብ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ደንብ አገር ይመለከታል፤ ዲግሪው እንግሊዝኛ የአብዛኛው ሕዝብ ቋንቋ ከሆነበት አገር መሆን አለበት ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት ለቪዛ የሚጠቀምበት ዝርዝር እንዲህ ያለ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም፤ እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋቸው የሆነው ናይጄሪያና ጋናም የሉበትም። ተቋሙ በዚህ ደንብ የሚሠራ ከሆነ የትኛውም ደብዳቤ አይረዳም፤ ሬጅስትራር ደጅ መጥናትም ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛው ደንብ የተማሩበትን ተቋም ይመለከታል፤ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይበቃዋል። የእኛ ተመራቂዎች ዌቨር የሚያገኙት በዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተማሩትን ይመለከታል። ለምሳሌ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ አመልካቾቹ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ ዓመት በሙሉ ጊዜ ተምረው ቢ ወይም ከዚያ በላይ ያገኙትን ከፈተናው ነጻ ያደርጋል።

ሁለተኛው ደንብ በሚሠራበት ቦታ ሁሉም ነገር በደብዳቤው ላይ ይወድቃል። ተማሪው ሚዲየም ኦፍ ኢንስትራክሽን ብሎ የሚጠራው ይህ ወረቀት ከሬጅስትራር መውጣት አለበት፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው የጻፉት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ብቻ መሰጠቱን በግልጽ መናገር አለበት። «አብዛኛዎቹ ኮርሶች» የሚል ሐረግ ከገባበት ዌቨሩ ቀረ ማለት ነው። የተማሪው መለያ ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ስም፣ የገባበትና የተመረቀበት ቀን፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተም፣ እንዲሁም ተቀባዩ ጽፎ የሚያጣራበት የተቋሙ ኢሜይል ይኑርበት። የግል ጂሜይል አድራሻ ጥርጣሬ ይጋብዛል። በአማርኛ ትምህርት ክፍል የተማረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲጻፍለት ባይጠይቅ ይሻላል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያሉት ኮርሶች ራሳቸው ይመሰክሩበታልና።

በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። በ2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ደብዳቤው ላይ «2015» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ውጭ ያለው መርማሪ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ያነበዋል። ዌቨርም የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙ ተቋማት ደብዳቤውን የሚቀበሉት ዲግሪው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የተገኘ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. 2023 የተመረቀው ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ይወድቃል። ሁለቱም አቆጣጠሮች በደብዳቤውም በትራንስክሪፕቱም ላይ ይጻፉ። ስምም እንዲሁ ነው። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሆኖ፣ ማመልከቻው ላይ የአባት ስም ከተሞላ፣ የተላከው ውጤት ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። ለፈተናው ሲመዘገቡም ሲያመለክቱም ፓስፖርቱን ፊደል በፊደል መከተል ነው።

ዌቨሩ ከተገኘ በኋላም የሚያስረው የሰጠውን ቢሮ ብቻ ነው። ስኮላርሺፕ ሰጪው የራሱ መስፈርት ሊኖረው ይችላል። እንግሊዝ አገር ከዲግሪ በታች ለሆነ ትምህርት ቪዛ ሲጠየቅ በመንግሥት የተፈቀደ ፈተና ያስፈልጋል፤ ተራው አይኤልትስ አይበቃም፣ አይኤልትስ ፎር ዩኬቪአይ የሚባለው ነው የሚፈለገው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዶክትሬት ተማሪ የሚተዳደረው ብዙ ጊዜ በረዳት አስተማሪነት በሚከፈለው ገንዘብ ነው። ለመግቢያ ዌቨር የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ የመናገር ፈተና ለብቻው ሊጠይቅ ይችላል፤ እስከ ጃንዋሪ 2026 ይሠራበት በነበረው የቶፍል መለኪያ በመናገር ክፍል ከ30 26 የሚጠይቁ ነበሩ። ይህን ሳያውቅ የሄደ ተማሪ ትምህርቱ ተፈቅዶለት ገንዘቡ ሊያዝበት ይችላል።

ስለዚህ ምክራችሁን ስታሻሽሉ አመልካቹ የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ለድኅረ ምረቃ ቢሮው በኢሜይል እንዲጽፍ ብትነግሩት እንወዳለን፤ ዌቨር የመስጠት ሥልጣን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ዘንድ አይደለም። ይጠይቅ፦ ውጤቴ እስከ የትኛው ቀን ድረስ ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት? ኦፊሻል ስኮሩ እስከ መቼ ሊደርሳችሁ ይገባል? ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ለረዳት አስተማሪነትስ ይሠራል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀብሎ ከማመልከቻው ጋር ያያይዘው። መልሱ አሉታዊ ከሆነ ፈተናውን ለመያዝና ውጤቱን ለማስላክ ጊዜ እንዲተርፈው፣ ይህን ኢሜይል ከማብቂያው ቀን ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይላክ።

ከአክብሮት ጋር፣
አመልካቾችን የምናማክር የዓምዱ አንባቢዎች
አዲስ አበባ