የመኖ ማሽኖቹ ለምን እንደዘገዩ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

በአንጎለላና ጠራ፣ በባሶና ወራናና በሞረትና ጅሩ ቀብድ ከፍላችሁ የመኖ መፍጫና ማደባለቂያ ማሽን የምትጠብቁ ሁሉ፣ መዘግየቱ ያስቆጣችሁ በእውነት ነው። ምክንያቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ።

ስድስቱን ማሽኖች እያንዳንዳቸውን በ2,400 ዶላር ገዛን። የመርከብና የመድን ወጪ 1,800 ዶላር ተጨምሮ ጠቅላላው 16,200 ዶላር ሆነ። የጉምሩክ ጣቢያው ግን የአንዱን ዋጋ 4,100 ዶላር ብሎ ገመተ፤ በዚህ ስሌት ቀረጥና ታክስ የሚሰላበት ዋጋ 26,400 ዶላር ደረሰ።

መጀመሪያ ላይ ስለ ዋጋው ብቻ ተከራከርን፤ የሰማን ግን አልነበረም። በኋላ ለጉምሩክ ያቀረብነውን ዲክላራሲዮን ደግመን ስናየው ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ማሽኖቹ የተመዘገቡት በታሪፍ ቁጥር 8479.82 ነው። ይህ መደብ በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ ውስጥ ሌላ ስፍራ ያላገኙ ማደባለቂያዎችና መፍጫዎች የሚሰበሰቡበት ነው። ገማቹም ለማነጻጸሪያ የመረጠው ከዚሁ መደብ የፋብሪካ ማደባለቂያ ነበር። ፋጉሎና ፍሩሽካ ከሚያዋህድ ማሽን ጋር ምን ያገናኘዋል? ለንጽጽር የሚቀርብ ተመሳሳይ ዕቃ በአንድ አገር የተሠራ፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚውልና በንግድ አንዱ ሌላውን የሚተካ መሆን አለበት።

ጥፋቱ የኛም ነው። ኢንቮይሱ ላይ አቅራቢው «ማደባለቂያ ማሽን» ብቻ ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኛም ሳናስተካክል ተቀበልነው።

ስለዚህ አቤቱታችንን ከቁጥሩ ጀመርን። የእንስሳት መኖ ማዘጋጃ ማሽን 8436.10 የሚባል የራሱ መደብ አለው፤ የራሱ መደብ ያለው ዕቃ ደግሞ ወደ 8479 አይገባም። ለማስረጃ የመዶሻዎቹንና የወንፊቱን ሥዕል የያዘውን ካታሎግ አያያዝን። ዋጋውን ለማስረዳት ፕሮፎርማውን፣ ኢንቮይሱንና የባንክ ክፍያ ማረጋገጫውን ጎን ለጎን አቀረብን፤ ሦስቱም 14,400 ዶላር ይላሉ። የሞዴሉ ቁጥር በኢንቮይሱ፣ በካታሎጉና በማሽኑ ገላ ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ አንድ መሆኑን ፈታሹ ራሱ ሣጥን ከፍቶ አየ። ከወረቀቱ ሁሉ ይልቅ ያቺ ቆርቆሮ የረዳችን ይመስለናል።

ቁጥሩ ሲታረም ማነጻጸሪያውም ወደቀ፤ የኢንቮይሱ ዋጋ ተቀባይነት አገኘ። በአንድ ነገር ግን ተረታን። አቅራቢው «በነጻ» ብሎ የላከው መለዋወጫ ወንፊትና መዶሻ 300 ዶላር ተገመተ። ገንዘብ ባይከፈልበትም ዕቃው ዋጋ አለውና ግምቱ ትክክል ነበር። የመጨረሻው ዋጋ 16,500 ዶላር ሆነ።

ለመለዋወጫው የተከፈለውን ቀረጥና የመጋዘኑን ኪራይ ድርጅቱ ይሸፍናል፤ የተዋዋልንበት ዋጋ አይለወጥም። ማሽኖቹ ደብረ ብርሃን መጋዘናችን ገብተዋል። የቀብድ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከመጫናችሁ በፊትም የሞዴሉን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥራ አስኪያጅ