እማዬ፣ ስለዚያች እብጠት

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ትናንት በስልክ «ታች በኩል የሆነች ነገር ወጥታብኛለች» ብለሽ ወዲያው ወሬ ቀየርሽብኝ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ በጽሑፍ ሲሆን ማፈሩም ይቀንሳል።

ከነገርሽኝ ተነስቼ ሳስበው የባርቶሊን እጢ ነው የሚመስለኝ። ከብልት መግቢያ ግራና ቀኝ፣ ወደ ታች በኩል፣ አተር የምታክል እጢ አለች። ሥራዋ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው፤ ፈሳሹም በቀጭን ቱቦ ይወጣል። የቱቦው አፍ ሲደፈን ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ይሄ ነው ሲስት የሚባለው። ንጽህና ስለጎደለሽ የመጣ አይደለም፣ እሱን ከጭንቅላትሽ አውጪው።

ሲስት ብዙ ጊዜ አያምም። «መጀመሪያ ትንሽ ነበረች፣ ምንም አትለኝም ነበር» ያልሽው ሲስት ሳትሆን አትቀርም። አሁን ግን በሁለት ቀን ውስጥ አብጣ፣ ቀልታና ግላ፣ አንድ ወገን ዘንበል ካላልሽ መቀመጥ ከከለከለችሽ፣ ባክቴሪያ ገብቶ መግል ቋጥራለች ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከመጠኑ ይልቅ የማበጡ ፍጥነትና ሕመሙ ነው። ትኩሳት ደግሞ የግድ አይደለም፤ መግል ቋጥሮባቸው ጭራሽ የማያተኩሳቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ «አላተኮሰኝም» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

የሞቀ ውሃውን ጀምሪ። ንጹህ ሳፋ ውስጥ ለብ ከማለት ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ግን የማያቃጥል ውሃ አድርጊና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጪበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ሳሙናም መድኃኒትም አትጨምሪ። ሙቀቱ ወደ ቦታው ደም ይስባል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ እብጠቱም ትንሽ ከሆነ ራሱ እንዲፈነዳና እንዲፈስ ይረዳል። ከዚህ በላይ አትጠብቂበት፤ በደንብ የቋጠረ መግልን ውሃ አሟሙቶ አያጠፋውም። እና እማዬ፣ በእግዚአብሔር፣ አትጭመቂው፣ በመርፌም እንዳትወጊው። ኢንፌክሽኑን ወደ ዙሪያው ታሰራጪዋለሽ።

ሕመሙ መራመድና መቀመጥ ከከለከለሽ፣ እብጠቱ ካደገ፣ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ካልቀነሰ መፍሰስ አለበት። አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ መግሉ ውስጥ በደንብ አይገባም። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ በውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀዶ መግሉን ያወጣል። ሕመሙ ወዲያው ይቀላል። ችግሩ ግን ቀዳዳው ቶሎ ይገጥምና እንደገና መቋጠሩ ነው። ለዚህ ነው ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ የሚያስገቡት፤ ፊኛዋን በጥቂት ንጹህ ውሃ ይነፏትና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እዚያው ትቆያለች፣ አዲስ መውጫ እስኪሠራ ድረስ። ያለጊዜዋ ብትወድቅ አትደንግጪ፣ ግን ንገሪያቸው። የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱን ከፍተው ጠርዙን ከቆዳው ጋር የሚሰፉበት አነስተኛ ቀዶ ሕክምና አለ።

አሁን ስልክ ላይ ልነግርሽ ያልቻልኩትን ልንገርሽ። ይሄ ነገር በብዛት የወጣት ሴቶች ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ እጢዋ እየሟሸሸች ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ በአንቺ ዕድሜ አዲስ እብጠት ሲወጣ ሐኪሞች ዝም ብለው አያልፉትም። ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ ከእብጠቱ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ለምርመራ መላክ የተለመደ ነው፣ ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥ። የዚያ እጢ ካንሰር በጣም ብርቅ ነው፤ ላስፈራሽ አይደለም የምጽፈው። ግን በሞቀ ውሃው ፈንድቶ ሕመሙ ቢጠፋልሽም «ዳንኩ» ብለሽ እንዳትቀሪ። ከፈሰሰ በኋላ ጠንካራ ነገር በጣትሽ ከተሰማሽ፣ ወይም ቦታው ላይ የማይድን ቁስል ወይም ደም ካየሽ ደግሞ ጭራሽ አታዘግዪው።

ሳምንቱ ሳያልቅ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ወይም ቅላቱ ወደ ጭንሽ ወይም ወደ መቀመጫሽ ከተስፋፋ ግን ያኔውኑ ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን። ሴት ሐኪም ከፈለግሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ነውር የለውም። ስኳር እንዳለብሽ መጀመሪያውኑ ንገሪያቸው፣ ምክንያቱም ስኳር ላለበት ሰው ኢንፌክሽኑ ቶሎ ይስፋፋል፣ አንቲባዮቲክም አብረው ሊያዙልሽ ይችላሉ። ደም የሚያቀጥነውንም መድኃኒት እንዳትረሺ፤ ከመቅደዳቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። «ናሙና ትወስዳላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ያሉሽን ደውለሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ