ውሉ በአማካይ ይላል፣ ወለዱ ግን በዝቅተኛው ነው የታሰበው

ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል

ጉዳዩ፦ የጁን 2023 የቁጠባ ወለዴ በውሉ መሠረት እንደገና እንዲሰላልኝ ስለመጠየቅ

የምጽፍላችሁ ስለ 484 ብር ከ63 ሳንቲም ነው። ገንዘቡ ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለቅርንጫፉም በቃል ተናግሬ ነበር። ያገኘሁት መልስ «የሚያሰላው ሲስተሙ ነው፣ እኛ አንነካውም» የሚል ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልቀየምኩትም። ግን ሲስተሙ ምን እንዳሰላ ማየት የሚችል ሰው ስለምፈልግ ወደ እናንተ መጣሁ።

ሂሳቡን ስከፍት የፈረምኩት ውል ወለዱ በዓመት 7 በመቶ እንደሆነ ይገልጻል። የሚታሰበው ደግሞ በወሩ አማካይ ዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው፤ ዓመቱም 365 ቀን ተብሎ ይቆጠራል። በ7 በመቶው ላይ ክርክር የለኝም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ5 በመቶ ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ነው። የምከራከረው ሰባቱ በመቶ በየትኛው ገንዘብ ላይ እንደተባዛ ነው።

የጁን ስቴትመንቴ እንዲህ ይላል። ወሩ በ120,000 ብር ተጀመረ። ጁን 6 በቼክ 80,000 ብር ገባ። ጁን 19 ለዕቃ ግዢ 150,000 ብር ወጣ። ጁን 25 ደግሞ በሞባይል 60,000 ብር ተላለፈልኝ። ሌላ እንቅስቃሴ የለም። ወለዱ በወሩ መጨረሻ ወደ ተንቀሳቃሽ ሂሳቤ እንዲዛወር ስላዘዝኩ እዚህ ውስጥ አይደባለቅም። በጁን 30 የተጻፈልኝ ወለድ 287.67 ብር ነው። ከዚያ ላይ 5 በመቶ ግብር፣ ማለትም 14.38 ብር፣ ተቀንሶ 273.29 ብር ደረሰኝ።

አሁን እባካችሁ ካልኩሌተር ይዛችሁ አብራችሁኝ ሂዱ። በአማካይ ዘዴ እያንዳንዱ ቀን ማታ ላይ ሂሳቡ ውስጥ ያደረው ገንዘብ ይደመርና ለወሩ ቀናት ይካፈላል። ቅዳሜና እሁድም ቀን ናቸው፣ ይቆጠራሉ። ወሩ የፈረንጆቹ ወር መሆኑንም አትርሱ። ጁን 2023 ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ነው፤ በሰኔ 1 የሚጀምር ሰው ሌላ ቁጥር ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ ሳይለወጥ የቆየባቸውን ቀናት አንድ ላይ ስናባዛቸው ይህን እናገኛለን፦

ከጁን 1 እስከ 5፣ 5 ቀን × 120,000 = 600,000
ከጁን 6 እስከ 18፣ 13 ቀን × 200,000 = 2,600,000
ከጁን 19 እስከ 24፣ 6 ቀን × 50,000 = 300,000
ከጁን 25 እስከ 30፣ 6 ቀን × 110,000 = 660,000

ቀናቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን አረጋግጡ። ስህተት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ገንዘቡ የገባበት ቀን ሁለቴ ይቆጠራል ወይም ይዘለላል። ድምሩ 4,160,000 ነው። ለ30 ሲካፈል አማካዩ 138,666.67 ብር ይሆናል። እሱን በ7 በመቶ፣ ከዚያ በ30 አባዝተን ለ365 ስናካፍል ወለዱ 797.81 ብር ይመጣል። ግብሩ 39.89 ብር ነው፤ የተጣራው 757.92 ብር። ከደረሰኝ 273.29 ብር ጋር ያለው ልዩነት ከላይ ያልኳችሁ 484.63 ብር ነው።

«አንተ በሌላ መንገድ አስልተህ ይሆናል» እንደምትሉኝ ስለጠበቅኩ ያሉትን መንገዶች ሞከርኳቸው። በመጀመሪያ ቼኩን ተጠራጠርኩ። ቼክ ባስገባሁበት ቀን ገንዘቡ በእጃችሁ አይደለም። ስቴትመንቱ ላይም «ቫሊው ዴት» በሚለው ዓምድ ጁን 9 ተጽፏል። ይህን እቀበላለሁ። ሰማንያው ሺህ ከጁን 9 ጀምሮ ብቻ ቢቆጠር የዕለቶቹ ድምር 3,920,000 ይሆናል፣ ወለዱም 751.78 ብር። ከእኔ 46 ብር ያህል ይቀንሳል፤ የእናንተ አሠራር ያ ከሆነ አልከራከርም። ግን ከ287.67 አሁንም ሩቅ ነው።

ቀጥሎ የማታውን ሳይሆን የጠዋቱን ቀሪ ሂሳብ ወሰድኩ። ያኔ እያንዳንዱ ለውጥ ከማግስቱ ጀምሮ ይቆጠራል። የሚገርመው በጥቂቱም ቢሆን ወደ እኔ አደላ፤ 799.73 ብር ወጣ። ወደ ማታው ቀሪ ሂሳብ ተመልሼ በ365 ፈንታ ለ360 ባካፍል ደግሞ 808.89 ብር ይሆናል። የቅርንጫፉ ሠራተኛ «አማካይ ማለት የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ተደምሮ ለሁለት ነው» ብሎኝ ስለነበር እሱንም ሞከርኩለት። ቀናቱን ጨርሶ ስለሚረሳ አማካይ ዕለታዊ ሊባል አይችልም፤ ቢሆንም 661.64 ብር ነው የሚሰጠው። የሳንቲም ማጠጋጋትም አያስረዳውም። ወለዱ በየቀኑ ተሰልቶ በየቀኑ ቢጠጋጋ እንኳ በ30 ቀን ከ15 ሳንቲም በላይ ልዩነት አይመጣም።

ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት ሄድኩ። የተከፈለኝን ወለድ ይዤ ከየትኛው ገንዘብ እንደመጣ መፈለግ ማለት ነው። 287.67ን በ365 አባዙት፣ ለ30 አካፍሉት፣ እንደገና ለ0.07 አካፍሉት። 49,999.79 ይመጣል። ከሳንቲም ማጠጋጋት የመጣችውን 21 ሳንቲም ስንተዋት 50,000 ብር ነው። ሃምሳ ሺህ ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ አለ፤ ከጁን 19 እስከ 24 የነበረው የወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሚገጥም ቁጥር አይደለም። ሲስተሙ የወሩን ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ወስዶ ለ30ውም ቀን ያደረው እሱ ብቻ እንደሆነ ቆጥሮታል። ስድስቱ ቀን ሃያ አራቱን ዋጣቸው ማለት ነው። ለ13 ቀን 200,000 ብር እናንተ ዘንድ ነበር። ከዚያ ውስጥ 150,000ው አንዲት ሳንቲም አልወለደልኝም።

በዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ማስላት በራሱ ነውር ነው አልልም። የታወቀ ዘዴ ነው፤ ደንበኛው አውቆ ከፈረመበት ይጸናል። ለደንበኛ የማይመች ዘዴ ይመስለኛል፣ ገንዘቡን በወር ውስጥ ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴ በተለይ። ግን ያ የእኔ አስተያየት ነው። የእኔ ውል የሚለው ሌላ ነው፤ የውሉን ገጽ አያይዤላችኋለሁ።

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሜይ ላይ ነው። በሜይ ሂሳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 120,000 ብር ሆኖ ቆየ። 120,000ን በ7 በመቶ፣ ከዚያ በ31 አባዝቶ ለ365 ማካፈል 713.42 ብር ይሰጣል። እናንተም የጻፋችሁልኝ ልክ 713.42 ብር ነው። ገንዘቡ ካልተንቀሳቀሰ አማካዩና ዝቅተኛው አንድ ናቸው፣ ስህተቱም አይታይም። ሜይ ሌላም ነገር ይነግረናል። 7 በመቶውም 365ቱም ሲስተሙ ውስጥ በትክክል ተሞልተዋል። ታዲያ ጁን ላይ የተለየው የወለዱ መጠንም የቀኑ ቁጥርም ሳይሆን የተወሰደው ቀሪ ሂሳብ ብቻ ነው።

እኔ የምገምተው ሂሳቤ ሲከፈት በተራ ቁጠባ መደብ ተመዝግቦ፣ ያ መደብ በዝቅተኛው የሚያሰላ ሆኖ ነው። ውስጡን ስለማላየው ግምት ብቻ ነው፤ እናንተ ግን የሂሳቡን ምዝገባ ከፍታችሁ በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ። ግምቴ ልክ ከሆነ የጁንን ልዩነት ብቻ ማስተካከል አይበቃም፤ ጁላይም እንዲሁ ይመጣል። ያንኑ ውል ፈርመው በዚያው መደብ የተመዘገቡ ሌሎች ሰዎችም ይኖሩ ይሆናል። እነሱን መፈለግ የእናንተ ድርሻ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለጁን ወር 30 ቀናት በሙሉ ወለድ ያሰላችሁበትን ዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ በጽሑፍ ስጡኝ። ልዩነቱን ክፈሉኝ፤ ቼኩን በቫሊው ዴት ቆጥረን ነው ካላችሁና አሠራሩ በጽሑፍ ካለ የተጣራው ክፍያ 714.19 ብር ስለሚሆን ቀሪው 440.90 ብር ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ከዚያ ሂሳቡ ከተከፈተ ጀምሮ ገንዘብ የተንቀሳቀሰባቸውን ወሮች ሁሉ በውሉ ዘዴ እንደገና አስሉልኝ፤ የምዝገባውም መደብ ይስተካከል። በምትጨምሩት ወለድ ላይ 5 በመቶውን ግብር ቀንሱ፣ ደረሰኙ ላይ ግን ለብቻው ይጻፍልኝ።

መልሱን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። «ሲስተሙ ነው» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ። ስሌቱን አብሮኝ ቁጭ ብሎ የሚያይ ባለሙያ ካላችሁ ግን ስልክ ደውሉልኝ፣ ቢሮ እመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከሰላምታ ጋር
የሂሳቡ ባለቤት

አባሪ፦ የሜይና የጁን 2023 ስቴትመንት፣ የወለድ አንቀጹ ያለበት የውል ገጽ፣ የስሌቱ ወረቀት
ግልባጭ፦ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ